ሦስት ዓመት ከሦስት ወር በሁለት መስመር

ጋሽ ገብረጻድቅ በደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። መጀመሪያ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ጉልበታቸው ላይ ጣውላ አጋድመው በእጃቸው ይጽፉ ነበር። ቀጥሎ የጽሕፈት መኪና ገዙ። ዛሬ ከመንገዱ ማዶ ባለው የብርሃነሽ ኮፒ ቤት ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ካለችው ኮምፒውተር ፊት፣ ጋቢያቸውን እንደደረቡ ይውላሉ። በሁለት ጣት ነው የሚመቱት፤ ሆኖም ከብርሃነሽ አሥር ጣት አያንሱም።

የእሳቸው ማመልከቻ ድንጋይ ያስለቅሳል ይባላል። ሙያው እንዲህ ነው፦ ነገሩን ከሚያመው ቦታ መጀመር፤ ሕመሙን፣ ሞቱን፣ የደካማ እናቱን ነገር ማስቀደም፤ ጥያቄውን ግን አንባቢው አንጀቱ ከተላወሰ በኋላ መጨረሻ ላይ ማምጣት። የኪራይ ቤት የተነጠቁ፣ ጡረታ የተከለከሉ፣ ከወንድማቸው ጋር በድንበር የተካሰሱ ሁሉ በዚህ መንገድ ተጽፎላቸዋል። ብዙዎቹም ተሳክቶላቸዋል።

በየካቲት ወር አንድ ሰኞ ጠዋት ይመኙሻል የምትባል ሴት መጣች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በብርድ ልብስ ፋብሪካ ስድስት ዓመት በጥራት ተቆጣጣሪነት ሠርታለች። አባቷ መሪጌታ ወልደአረጋይ አንኮበር ላይ ግማሽ አካላቸው ሲያዝ ከሥራዋ ለቃ ሄደች፤ ሌላ የሚያስታምም ልጅ አልነበራቸውምና። ባለፈው ጥቅምት አረፉ። ከዚያ ወዲህ ታላቅ እህቷ ቤት ተጠግታ ሥራ ትፈልጋለች። በሁለት ፋብሪካ በር ላይ ጠይቃ፣ ሁለቱም «ሦስት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር?» ብለው፣ እሷ ስትንተባተብ «እንጠራሻለን» ብለው ሸኝተዋታል። እስካሁን የጠራት የለም።

አሁን አዲስ የተከፈተ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሦስት የጥራት ተቆጣጣሪ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አውጥቷል። ማመልከቻ የሚቀበለው በኢሜይል ብቻ ነው። ቀኑም ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ያበቃል።

«የማወራውስ አላጣሁም ጋሼ» አለች ይመኙሻል። «እዚያ መሀል ላይ ያለው ክፍተት ነው እንጂ የሚያስፈራኝ።»

«እሱን ለእኔ ተዪው» አሏት።

ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፉላት። ብርሃነሽ በይመኙሻል ስልክ ላይ ኢሜይል ከፈተችላትና ላኩት።

ሐሙስ ጠዋት ይመኙሻል ነጠላዋ ከትከሻዋ እየወረደ ገባች። ስልኳን ጋሽ ገብረጻድቅ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ያንብቡት።»

መነጽራቸውን አደረጉ። የፋብሪካው መልስ እንዲህ ይላል፦ «ያቀረቡት የድጋፍ ጥያቄ ደርሶናል። ጉዳዩን ለማኅበራዊ ድጋፍ ክፍል ያስተላለፍን ሲሆን፣ ለዚህ ዓመት የተያዘው የዱቄትና የዘይት ድጋፍ የተጠናቀቀ መሆኑን በትሕትና እንገልጻለን።»

«ይሄ ስሕተት ነው» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ። «የጠየቅነው ሥራ ነው።»

«እስቲ» አለች ብርሃነሽ ከኮፒ ማሽኑ ዞር ብላ። የሰኞውን ደብዳቤ ከፍታ ወደ ታች መውረድ ጀመረች። ወረደች፣ ወረደች። «ጋሼ፣ ሥራ የሚለው ቃል የት ነው ያለው?»

«አለ! ዝቅ በዪ።»

«አገኘሁት። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ፣ ‹ዕድሜ ልኬን በጸሎቴ አስብዎታለሁ› ከሚለው ከፍ ብሎ።»

«ታዲያስ!»

«ስድስት ዓመት ብርድ ልብስ ስትመረምር መኖሯስ?»

ጋሽ ገብረጻድቅ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አሉ።

«የለም» አለች ብርሃነሽ። «መሪጌታ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚገላበጡ ግን አለ። ገንፎ እምቢ ያሉበት ቀንም አለ። ይቅርታ የሚለው… አንድ፣ ሁለት… አምስት ቦታ።»

«አምስት?» አለች ይመኙሻል። «ማንን በድዬ ነው አምስት ጊዜ ይቅርታ የምለው? አባቴን ማስታመሜ ነው ጥፋቱ?»

«አንባቢው እንዲራራ ነዋ ልጄ። ዳኛ ፊት ራስሽን ዝቅ ስታደርጊ…»

«ዳኛ የለም እኮ ጋሼ! ሰውየው ጠዋት ገብቶ መቶ ሁለት መቶ ደብዳቤ የሚከፍት ሠራተኛ ነው። ራራልኝ እኮ፤ ዱቄት ሊሰጠኝ ነበር፤ አለቀበት እንጂ።»

ብርሃነሽ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፊቷን ወደ ማሽኑ አዞረች። ጋሽ ገብረጻድቅ አልሳቁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ መልስ በስማቸው መጥቶ አያውቅም። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት፤ ሳይቆሽሽ።

«እንግዲያው» አሉ፣ «ስለ ሦስቱ ዓመት ጭራሽ አናንሣ። ከፋብሪካው እስካሁን እንዳልለቀቅሽ አድርገን…»

«መልቀቂያዬ ላይ ሐምሌ 2013 ይላል። አብሬው ነው የማያይዘው። ዋሾም ልሁን በዚህ ላይ?»

«ባዶ እንተወዋ።»

«ባዶ ከተዉት ራሳቸው ይሞሉታል» አለች ብርሃነሽ። «ሰው ባዶ ቦታ ሲያይ ክፉ ክፉውን ነው የሚሞላው። ተባርራ ነው ይላሉ፤ ታስራ ነው ይላሉ።»

ጋሽ ገብረጻድቅ አዲስ ገጽ ከፈቱ። «በአባቴ ከባድ ሕመም ምክንያት ሳልወድ በግድ ሥራዬን ጥዬ በመሄዴ ይቅርታ…» እዚያ ላይ ጣታቸው ቆመ። ከይቅርታ ውጭ እጃቸው የለመደው መንገድ አልነበረም።

ብርሃነሽ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ እትዬ ቦሰና የታመሙ ጊዜ ይህ ወንበር ሰባት ወር ባዶ ነበር። ሲመለሱ ለደንበኞቹ ምን አሏቸው?»

ቦሰና ባለቤታቸው ናት። ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏል። ስለ እሷ በኮፒ ቤቱ ውስጥ አይነሣም፤ እሳቸውም አያነሡም። ጋሽ ገብረጻድቅ ዓይናቸውን ከገጹ አላነሡም።

«ምን እላለሁ። ‹ባለቤቴን ሳስታምም ነበር፤ አሁን ተመልሻለሁ› አልኩ።»

«እነሱስ?»

«‹እግዜር ያጥናዎ› አሉና ጉዳያቸውን ነገሩኝ።»

«ይቅርታ ጠይቀዋቸዋል?»

«ለምን ብዬ!» አሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «ሚስቴን ነው ያስታመምኩት። ምን…»

አልጨረሱትም። አንድ ሰውዬ መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ ገባ፤ ብርሃነሽ ተነሥታ አስተናገደችው። ከወጣ በኋላ ጋሽ ገብረጻድቅ የጻፉትን ግማሽ መስመር አጠፉት።

«ስድስቱን ዓመት ንገሪኝ» አሏት ይመኙሻልን። «በቀን ምን ያህል ታያለሽ? ምን ታገኚያለሽ?»

ነገረቻቸው። በአንድ ፈረቃ እስከ አራት መቶ ብርድ ልብስ ታይ ነበር፤ የክር መሳሳት፣ የቀለም መዛባት፣ የጠርዝ ስፌት መፍታት። በታኅሣሥ ደግሞ የሙያ ብቃት ምዘና ወስዳ አልፋለች።

«ምዘና? ይህን ሰኞ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ነበር። ‹ይሄ አያሳዝንም› ብለው ዘለሉት።»

በዚህ ላይ ራሳቸውም ፈገግ አሉ።

ጻፉት። ስለ ሦስቱ ዓመት የሚለው ቦታ ሲደርሱ ተከራከሩ። እሳቸው «መሪጌታ» የሚለው ማዕረግ ይግባ አሉ፤ «አባቴ ይበቃል» አለች። ማረፋቸው ይጻፍ አሉ። አሰብ አደረገች።

«እነሱ ማወቅ የሚፈልጉት እንደገና ጥዬ እንደማልሄድ ነው» አለች። «‹ኃላፊነቱ አብቅቷል› ይበሉ። ሞቱ የእኔ ነው።»

ጋሽ ገብረጻድቅ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ አብቅቷል የሚለውን ፊደል በፊደል መቱት።

ሲያልቅ እንዲህ ሆነ፦

«ጉዳዩ፦ ለጥራት ተቆጣጣሪነት የቀረበ የሥራ ማመልከቻ፣ ይመኙሻል ወልደአረጋይ

ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል፣

ባወጣችሁት ማስታወቂያ መሠረት በጥራት ተቆጣጣሪነት ለመቀጠር አመለክታለሁ። በብርድ ልብስ ፋብሪካ ስድስት ዓመት በዚሁ ሙያ ሠርቻለሁ፤ በአንድ ፈረቃ እስከ አራት መቶ ምርት እመረምር ነበር።

ከሐምሌ 2013 እስከ ጥቅምት 2017 የታመሙ አባቴን ለማስታመም ከሥራ ወጥቼ ነበር። ይህ ኃላፊነት አብቅቷል፤ በታኅሣሥ የሙያ ብቃት ምዘና ወስጄ አልፌያለሁ፤ ሥራ ለመጀመርም ዝግጁ ነኝ።

ሲቪ፣ የሥራ ልምድ፣ መልቀቂያና የምዘና ማረጋገጫ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ለፈተናና ለቃለ መጠይቅ ከታች ባለው ስልክ ልታገኙኝ ትችላላችሁ።»

«አለቀ?» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ። «ራቁቱን የቆመ ይመስላል።»

«ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው የሠራችው፤ አይበርደውም» አለች ብርሃነሽ። «በድሮው መልስ ላይ ሳይሆን በአዲስ ኢሜይል እንላከው፤ አለበለዚያ ዘይቱ ክፍል ይሄዳል።» አራቱን ወረቀት አንድ በአንድ ስካን አደረገች፤ የእያንዳንዱንም ፋይል ስም ከይመኙሻል ስም ጋር ጻፈችው። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ተላከ።

ዓርብ ምንም አልመጣም። ቅዳሜም አልመጣም። ጋሽ ገብረጻድቅ ሰኞ ጠዋት እንደገቡ ጋቢያቸውን ሳያስተካክሉ ብርሃነሽን «ደወለች?» አሏት። ማክሰኞም ጠየቁ። ረቡዕ ግን መጠየቅ ተዉ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር እንጂ።

በሳምንቱ ዓርብ ይመኙሻል ራሷ መጣች። ማክሰኞ ለጽሑፍ ፈተና፣ ሐሙስ ደግሞ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታ ነበር። ውጤት ሳይታወቅ ላለመናገር ብላ ነው የቀረችው። ከጋሽ ገብረጻድቅ ፊት ያለው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ሦስት ሰዎች ነበሩ» አለች። «ከባዱ የጽሑፉ ነበር። ሐሙስ ጨርቅ ዘርግተው ጉድለቱን አሳዪን አሉኝ። አምስት አገኘሁ፤ እነሱ የሚያውቁት አራቱን ነበር።»

«ስለ ሦስቱ ዓመትስ?»

«አንዱ ወረቀቱን እያየ ‹አባትሽን አስታምመሽ ነበር› አለኝ። ‹አዎ፤ ጥቅምት ላይ አበቃ› አልኩት። ‹ነፍስ ይማር› አለና ሌሊት ፈረቃ እችል እንደሆነ ጠየቀኝ።»

«ሌላ ምንም?»

«ምንም።»

ጋሽ ገብረጻድቅን ለመሪጌታ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር አልጋ አንዲት ‹ነፍስ ይማር› ያነሰች መሰለቻቸው። ደግሞም አሰቡ፤ እሳቸውን በዚህ ደጃፍ ያቆማቸው ያቺው አንዲት ‹እግዜር ያጥናዎ› ነበረች።

«ምን ልትዪው ነው ስለ ሌሊቱ ፈረቃ?» አሏት።

«ብዬዋለሁ። እችላለሁ ብዬዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ደወሉልኝ፤ ሰኞ እገባለሁ።»

ብርሃነሽ ከማሽኑ ኋላ እልል ልትል አፏን ከፈተችና መንገዱ ማዶ ያለው ፍርድ ቤት ትዝ ብሏት ተወችው። ጋሽ ገብረጻድቅ ከወንበራቸው ተነሡ። እጃቸውን ዘረጉላት፤ እሷ ግን ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

«በዪ» አሏት፣ «ወፍራም ጫማ አድርጊ። ሲሚንቶ ላይ ስትቆሚ ሌሊቱ ይበርዳል።»