ግልባጭ ለንስሐ አባት

ጥሩሐረግ ሰቆጣ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ቁጥርና ቀን የሌለው ወረቀት ለእሷ ወረቀት አይደለም። ባሏ ከሞተ በኋላ ያሠራችው ባለ ሦስት ክፍል ቤት ሲያልቅ፣ ግንበኛው ገበያው የልጇን ክርስትና ያነሣ አበልጇ ቢሆንም፣ የርክክቡን ዕለት ደብተርና አንድ ባልዲ ውሃ ይዛ ጠበቀችው።

ባልዲውን መታጠቢያ ቤት ደፋችው። ውሃው ማፍሰሻውን ትቶ ወደ በሩ መጣ። የጓዳው በር ወለሉን እየፋቀ ነው የሚከፈት፤ የመስኮቱ ልስን ተሰንጥቋል፤ ቆርቆሮው ላይ ያለ ጎማ የተመታ ምስማር አለ። ገበያው ለሁሉም «ይስተካከላል አበልጄ» ይላል። «ይስተካከላል» ደግሞ ቀን የለውም፤ ክረምቱ ግን ቀን አለው።

በማግሥቱ ጻፈች። ሰባት ጉድለት ዘርዝራ፣ «እስከ ሰኔ 12 ቀን በራስዎ ወጪ አስተካክለው እንዲያስረክቡኝ እጠይቃለሁ» ብላ ፈረመች። እዚህ ላይ ብታቆም ደግ ነበር። ነገር ግን ልማድ ክፉ ነው፣ ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ አልዋጥላት አለ። ለማን ታድርገው? በውሉ ላይ ምስክር የነበሩት የሁለቱም የንስሐ አባት ቄስ ወልደ ኢየሱስ ናቸው። «ግልባጭ፦ ለቄስ ወልደ ኢየሱስ» ብላ ጻፈች። ለገበያው ዋናውን ሰጥታ እሷ ዘንድ በሚቀረው ቅጂ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ እንዲፈርም አደረገችው፤ የቄሱንም ራሷ አደረሰች።

በሦስተኛው ቀን ገበያው በሯ ላይ ቆመ።

«ጉድለቱ ልክ ነው» አለ። «ግን አበልጄ፣ የንስሐ አባቴ ዘንድ? ፍርድ ቤት ቢከሱኝ ይሻለኝ ነበር!»

ሳይቀመጥ ሄደ። ጥሩሐረግ ደነገጠች። ቤት ይጠገናል፤ የተቀየመ አበልጅ በምን ይጠገናል? አሥር ቀን ድምፁ ጠፋ። ቤተ ክርስቲያን ሲያያት እንኳ ፊቱን አዞረ። ደብዳቤውን መልሳ ልትወስድ አስባ ነበር፤ ሰማዩ ለዝናብ ሲጠቁር ግን ሐሳቡን ተወችው።

ሰኔ 5 ቀን ከሁለት ሠራተኞች ጋር መጣ። ወለሉን ፈንቅለው ወደ ማፍሰሻው አዘቀዘቁት፣ ምስማሩን ቀየሩ፣ በሩን ላጉት፣ ልስኑን አደሱ። በአምስተኛው ቀን እሷም ባልዲዋን ደፍታ፣ ስንጥቁ በነበረበት ላይ ጣቷን አሳልፋ፣ ሰባቱንም ምልክት አደረገች። ሠራተኞቹ ወጡ። ገበያው ግን ከኋላኛው ክፍል አልወጣም፤ አዲሱን ሲሚንቶ እያየ ቆሟል።

«አባ ደብዳቤውን አንብበው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ» አለ። «‹ይሄ ብቻ ነው ልጄ?› አሉኝ።»

«ታዲያ እርስዎ ምን አሏቸው?»

«ዝም አልኩ። የዚህ ክፍል ከወለሉ ሥር ያለው ሙሌት አፈር በደንብ አልተጠቀጠቀም፤ ያን ሰሞን ቸኩዬ ነበር። ሁለት ክረምት ቢችል ነው፣ ከዚያ ይሰምጣል። አፍርሼ እንደገና ልሥራው፤ እስከ ሐምሌ 5 ቀን ይጨምሩልኝ።»

ጥሩሐረግ መናደድ ነበረባት፤ እንባዋ ቀደማት።

«እኔ እኮ ሰባቱን ብቻ ነው ያየሁ» አለችው።

«እኔ ስምንቱንም አውቅ ነበር» አለ ገበያው።