በወረቀቱ ቢሆን ተርበን ነበር

ልብስ ሰፊዋ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ማሽን ረግጣለች። አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው! በዚህ ጊዜ ልጅ ተወልዶ አምስተኛ ክፍል ይገባል። እሷ ግን ያው ወንበር ላይ ናት። የሱሪውንም የቀሚሱንም ዋጋ የሱቁ ባለቤት ይቀበላል፤ ለእሷ በወር አራት ሺህ ብር ይቆጥርላታል። ታዲያ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ፣ ከሰፈሯ መግቢያ ያለች አንዲት ጠባብ ሱቅ በር ላይ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት አየችና እግሯ እዚያው ተተከለ።

ባለቤቲቱን አናገረቻት። ኪራዩ በወር አራት ሺህ፣ የሦስት ወር ቅድሚያ። ሴትየዋ «እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለመጣ እሰጣለሁ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለቻት። ወሩ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቶታል። ያገለገለ ጥሩ ማሽን ሃያ ሁለት ሺህ ነው። ሲደመር ሠላሳ አራት ሺህ። እሷ ያላት ሠላሳ አንድ ሺህ ነው።

«ከየት አመጣችው?» ትሉ ይሆናል። ማታ ማታ የጎረቤት ሱሪ በእጇ እያሳጠረች፣ ቁልፍ እየተከለች፣ በወር አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ባንክ ታስገባለች። ባሏ ይህን አያውቅም። ሱሪውን ያያል፣ ጎረቤትን የምታግዝ ይመስለዋል። ታላቅ እህቷ ገና በሠርጓ ሳምንት «ስሚኝ፣ ባል የጓዳሽን ልክ ካወቀ የኪሱን አፍ ይዘጋል» ብላ መክራታለች። ምክሩ ደግሞ ሆዷ ውስጥ ቤት ሠርቶ ተቀምጧል።

የጎደለውን ሦስት ሺህ ከቤት ወጪ ልታወጣው አሰበች፤ ሚስጥሯን ሳታወጣ። እሁድ ከምሳ በኋላ ልጃቸው ውጭ ስትጫወት ባሏን ጠራችው።

«ስማ እንጂ፣ የቤታችንን ገቢና ወጪ ለምን አንድ ላይ አንጽፈውም? ምናልባት የምንቀንሰው ይገኛል።»

ባሏ በያጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲያጣብቅ የሚውል፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ያለወትሮው ቶሎ እሺ አለ። ይህ እንኳ ሊያስጠረጥራት በተገባ ነበር።

የልጅቷን ደብተር አንድ ገጽ ገነጠሉ። እሱ ደመወዙን ሰባት ሺህ አምስት መቶ አለ፤ እሷ አራት ሺህ አለች። አሥራ አንድ ሺህ አምስት መቶ። ከዚያ ወጪው መጣ። የቤት ኪራይ ሦስት ሺህ አምስት መቶ፣ ትምህርት ቤት አንድ ሺህ ሁለት መቶ፣ መብራት፣ ውኃና ስልክ ስድስት መቶ፣ ለእናቱ አምስት መቶ። አስቤዛው ላይ ደረሰች። እውነቱ አራት ሺህ ሰባት መቶ ነው። ትርፍ ያየ እንደሆነ ገንዘቡን ለሌላ ነገር እንዳይመኘው ፈራችና «አምስት ሺህ አምስት መቶ» አለች። እሱም ትንሽ ጉሮሮውን ጠረገና «የእኔ ትራንስፖርትና ምሳ አንድ ሺህ ስድስት መቶ» አለ።

እሷ ደመረች። አሥራ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ። እንደገና ደመረች። ያው ነው።

«አንድ ሺህ አራት መቶ ይጎድለናል» አለች። «በየወሩ!»

«ዕዳ አለብን እንዴ?»

«ከማን ተበድረን? አስቤዛ የምንገዛበት ባለሱቅ እንኳ አንድ ሳንቲም አይጠይቀንም።»

ተያዩ። ወይ ጉድ! በወረቀቱ ቢሆን ይህ ቤት ከዓመት በፊት ተርቦ፣ ተበትኖ ነበር። እነሱ ግን ጠግበው ምሳ በልተው ተቀምጠዋል። ወረቀቱ ሁለቱንም ዓይን ዓይናቸውን ያያቸው ጀመር። ልብስ ሰፊዋ በልቧ አሰላች። አሁን ዝም ብትል ሱቋ ትሄዳለች፤ ብትናገር ደግሞ የሁለት ዓመት ከምናምን ውሸቷ ይወጣል። ከሁሉ የከበዳት ግን ባሏ ሳይዋሽ እሷ ብቻ ዋሽታ እንደሆነ ማሰቡ ነበር።

«አስቤዛው ላይ ስምንት መቶ ጨምሬበታለሁ» አለች በአንድ ትንፋሽ። «ደግሞ ባንክ ሠላሳ አንድ ሺህ ብር አለኝ። በሱሪ ማሳጠር ነው ያጠራቀምኩት። የራሴን ሱቅ ልከፍትበት ነበር። በቃ፣ ተናገርኩ!»

ሰውየው ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ሊቆጣ ነው ብላ ስትጠብቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እየሳቀ ነበር።

«ትራንስፖርቱ ላይ ስድስት መቶ የጨመርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ቅዳሜ ከሰዓት የግል ሥራ አለኝ፤ በወር አንድ ሺህ አምስት መቶ አገኛለሁ። ሃያ ስድስት ሺህ ደርሷል። የራሴን የብየዳ ማሽን ልገዛ ነው። ባልደረቦቼ ‹ሚስትህ ካወቀች በመጋረጃ ትጨርስብሃለች› ብለውኝ እኮ ነው።»

«በመጋረጃ!» ብላ ጮኸች። «አሥራ አንድ ዓመት የሰው መጋረጃ ስሰፋ የኖርኩት ሴትዮ በመጋረጃ ልጨርስ?» ከዚያ እሷም ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ግን ዕንባዋ መጣ። ተናዳለች፣ አፍራለች፣ ደግሞ ደስ ብሏታል፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ።

አዲስ ገጽ ገነጠሉ። በዚህኛው ላይ ውሸት አልነበረም። ገቢ አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ፣ ወጪ አሥራ አንድ ሺህ አምስት መቶ። የሁለቱ ቁጠባ አንድ ላይ ሃምሳ ሰባት ሺህ። ጭቅጭቁ የመጣው አሁን ነው፤ የማን ይቅደም? የብየዳው ማሽን ከነብረት መፍጫውና ከነመሣሪያው ስልሳ ሺህ ነው። ያን ቢገዙ እጃቸው ባዶ ይቀራል፤ ሦስት ሺህም ይጎድላል። ሱቁ ግን ሠላሳ አራት ሺህ ወስዶ ሃያ ሦስት ሺህ ያስተርፋል። ይህም መጠባበቂያ ሆኖ፣ ምንም ገቢ ባይኖር ቤቱን ሁለት ወር ያቆየዋል።

በያጁ እርሳሱን ይዞ ቆየ። ፊቱ ላይ ያየችው ጉጉት አንጀቷን በላው፤ የእሱ አለቃ ባረፈደ ቁጥር የሚጮህበት ሰው ነው።

«ያንቺ ይቅደም» አለ። «የእኔ ደመወዝ ቤቱን ይይዛል። ቀጥሎ ግን የእኔ ነው፤ ጻፊው።»

ጻፈችው። ሰኞ ባንክ ሄደው በሁለት ፊርማ ብቻ የሚወጣ የጋራ ሒሳብ ከፈቱ። ለየራሳቸው በወር ሁለት መቶ ሁለት መቶ ብር፣ «ምን አደረግሽበት» የማይባልበት፣ አስቀሩ። በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ ወረቀቱ ፊት ይቀመጣሉ።

ሱቋ ተከፈተች። ሦስተኛው ወር ላይ ደንበኛ ጠፋና ከመጠባበቂያው አራት ሺህ ብር ወጣ። ልብስ ሰፊዋ የባንኩን ወረቀት ፈረመችና እስክሪብቶውን ለባሏ ሰጠችው። «የአንተን ማሽን በላሁት» አለችው። «የተቀመጠው ለዚህ ቀን ነው» አላት፤ «መጀመሪያ እሱን እንሞላለን፣ ከዚያ ወደ እኔ።» የትምህርት ቤት መክፈቻ ሲደርስ የደንብ ልብስ የሚያሰፉ ወላጆች ተሰለፉ፤ ሱቋም ከኪራይ ሌላ በወር ሰባት ሺህ አምስት መቶ ታስገባ ጀመር። እህቷ ለጉብኝት መጥታ የጋራ ሒሳቡን ስትሰማ «አበድሽ!» አለች። ከዚያ ወጪ እንዴት እንደሚጻፍ በጎን ጠየቀቻት።

ሃያ ወር ፈጀ። መጠባበቂያው ሞልቶ፣ ስልሳውም ሺህ ተሟልቶ ሁለቱ ፈረሙና ማሽኑ ተገዛ። በያጁ ለአለቃው የመጨረሻ ሳምንቱን ጨርሶ፣ ከሱቋ ጀርባ ያለችውን ባዶ ቦታ ተከራየ።

በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ሰዓቱ አልፎ እሱ አልጋው ላይ ጣራ ጣራውን እያየ ተኝቷል።

«አንተ፣ አትነሳም?» አለችው።

«ዛሬ ባረፍድ» አለ፣ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኖ፣ «ማን ይጮህብኛል?»

ልብስ ሰፊዋ ብርድ ልብሱን ገፈፈችው።

«እኔ! ተነስ፣ ግማሹ ማሽን የእኔ ነው።»