በእኔ ስም የተጫወተች ልጅ

ጦርነቱ ከወልድያ ለጊዜው ራቅ ብሎ ኔትወርክ የተመለሰልን ሰሞን፣ ሰዉ ሁሉ መጀመሪያ የደወለው ለዘመዱ ነው። እኔ መጀመሪያ የከፈትኩት የኳስ ውርርድ አካውንቴን ነበር። የመኪና መለዋወጫ ሱቄ ተዘርፎ፣ መደርደሪያው ላይ ማንም ያልፈለገው ዕቃ ብቻ ቀርቷል። እኔ ግን ባዶ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ የእንግሊዝ ቡድኖች ስንት ጎል እንደሚያገቡ አሰላለሁ። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። መነኩሴው እንኳ መልሶ ይሰፋዋል፤ እኔ ኪሴን እየቀደድኩ ዝም ነው።

ያኔ ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አስተማሪዎቿ ያመለጣቸውን ትምህርት በቴሌግራም መላክ ሲጀምሩ አሮጌውን ስልኬን ሰጠኋት። እንዴት ያለ ደግ አባት ነኝ! ሲሙን አላወጣሁም፣ የውርርድ መተግበሪያውን አላጠፋሁም፣ የይለፍ ቃሉም እዚያው እንደተቀመጠ ነው። የሞባይል ገንዘቤ የሚስጥር ቁጥር ደግሞ አሥራ ሁለትን ሦስት ጊዜ መጻፍ ነበር። በየወሩ በአሥራ ሁለት የሚካኤል ማኅበር በሚጠጣበት ቤት ያደገች ልጅ ይህን ለማወቅ ምን ያህል ትደክማለች? እኔ ግን ባንክ ቤት እንኳ የማይሰብረው ምስጢር የያዝኩ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ተለወጠች። ምሳ ላይ ስልክ፣ ጥናት ላይ ስልክ፤ እናቷ ስትጠራት ትቆጣለች፣ የፈተና ውጤቷም ወረደ። አንድ ቀን የኖርዌይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ቡድን በሜዳው እንደማይሸነፍ ስትነግረኝ፣ ሌላ አባት ይደነግጣል። እኔ ልጄ ኳስ ወደደች ብዬ ኮራሁ።

አንድ ቅዳሜ ሐራ ከተማ ላለ ደንበኛ ልደውል ብዬ፣ ቁጥሩ የተመዘገበበትን አሮጌውን ስልክ ሳነሳ መልእክት ገባ። አሸንፈዋል ይላል። የሱቄን የሁለት ወር ኪራይ የሚሸፍን ብር አካውንቴ ላይ ተቀምጧል። እኔ በዚያ ሳምንት አንድም የውርርድ ትኬት አልቆረጥኩም። ሌባ አካውንቴን ሰብሮ ገብቷል ብዬ አዳጎ ሰፈር ስልክ ወደምትጠግነው ልጅ ሮጥኩ። ሰብሮ ገብቶ ብር አስቀምጦ የሚሄድ ሌባ የት አገር እንዳለ አልጠየቅሁም።

ጠጋኟ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ጥቂት ነካካችና፣ «ጋሼ፣ በሌላ ስልክ የገባ የለም። ሁሉም የተቆረጠው በዚሁ ስልክ ነው፤ አብዛኛው በትምህርት ቤት እረፍት ሰዓት። ሌባው እርስዎ ቤት ነው የሚያድረው» አለችኝ።

«ልጄን ነው የምትይኝ? እሷ ገና ልጅ ናት! ከሃያ አንድ ዓመት በታች ክልክል ነው ይል የለም እንዴ?»

«በክልከላው የተስማሙት እርስዎ ነዎት። ስልኩ የሚያውቀው እርስዎን ነው። ለሱ ልጅዎ የአርባ ሰባት ዓመት ጎልማሳ ናት።»

ከዚያ ማድረግ ያለብኝን ነገረችኝ። ለልጅቷ በእውነተኛ የልደት ቀኗ የራሷ የስልክ አካውንት ይከፈትላታል፤ ከእኔ ስልክ ጋር ይያያዝና መተግበሪያ ለመጫን የእኔን ፈቃድ ትጠይቃለች። የውርርድ መተግበሪያው ይጠፋል፣ ድረ ገጹ ይዘጋል፣ ሲሙ ይወጣል፣ የተቀመጠው የይለፍ ቃል ይሰረዛል፣ የሚስጥር ቁጥሩም ይቀየራል። አሥራ ሁለት እንደነበረ ስነግራት፣ «በሃያ አንድ እንዳይቀይሩት ብቻ! የማርያምንም ታውቃለች» አለችኝ። በሃያ አንድ ልቀይረው ነበር።

«ብሩንስ?» አልኳት።

«አይንኩት፤ ምንም ነገር አይቁረጡበት። ለውርርድ ድርጅቱ ደውለው አካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ እንደተጫወተችበት ይንገሩ። ያሸነፈችውን ይሰርዙታል። ያስገባችውን እንኳ ሊመልሱም ላይመልሱም ይችላሉ፤ እንደ ደንባቸው ነው። መዝጋቱ ብቻውን መፍትሔ ነው ቢሉዎት ግን አይመኑ፤ ቁልፍ ልጅን አይመክርም። ያነጋግሯት።»

መንገዴን ሁሉ ያሰብኩት ግን ስለ ልጄ አልነበረም። እኔ ስንት ወር በሙሉ ልቤ እየተጫወትኩ ከስሬ፣ እሷ አሸነፈች! ቀናሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በገዛ ልጄ ቀናሁ። ደግሞም አካውንቱ በስሜ ነው፣ ዕድሜዬም ደርሷል። ዝም ብዬ ባወጣው ማን ያውቃል?

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። ልጄን ክፍል ውስጥ አስቀምጬ፣ የጨዋታውን መዝገብ ከፍቼ እንደ ዳኛ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከአንዱ ማሸነፍ በፊት የተበሉ ትኬቶች ተሰልፈዋል። ለማጠናከሪያ ትምህርት የሰጠኋት ብር ሁሉ እዚያ ገብቷል፤ እሱ ሲያልቅ ከእኔ የሞባይል ገንዘብ ተሞልቷል። አሸናፊ ያልኳት ልጅ ያገኘችው ካጣችው ብዙም አይበልጥም።

«ይህን ሁሉ ስትበዪ አታፍሪም?» አልኳት።

አላለቀሰችም። «ወደ ታች ውረድ፣ አባዬ» አለችኝ።

ወረድኩ። የራሴ ትኬቶች መጡ። ጦርነቱ ሲቀርብ ከተማዋን ጥለን ከመውጣታችን በፊት ባለው ሳምንት የቆረጥኳቸው፣ በክረምቱ የወዳጅነት ጨዋታ፣ ለዋንጫም ለነጥብም በማይጫወቱ ቡድኖች ላይ። ያ ብር ለክፉ ቀን ያስቀመጥነው የመኪና ኪራይ ነበር። ለባለቤቴ፣ ደሴ ያለ ዕቃ የሚያመጣልኝ ነጋዴ ብሩን ወስዶ ከዳኝ ብያት፣ ከወልድያ በሲሪንቃ አድርገን እስከ መርሳ በእግራችን ነው የሄድነው። ባለቤቴ ያበጠ እግሯን እየጎተተች ያንን ነጋዴ መንገድ ሙሉ ረግማዋለች። እኔም አብሬ ረግሜዋለሁ።

«ጦርነቱ እንደገና ከመጣ መኪና እንድንይዝ ብዬ ነው የጀመርኩት» አለች ልጄ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሁን ደግሞ መተው አቃተኝ። ለእማዬ ስለኔ አትንገራት፤ እኔም ስላንተ አልነግራትም። ብሩን አውጣው።»

አሥራ አምስት ዓመቷ! እንዲህ ያለውን ድርድር የተማረችው ከትምህርት ቤት አይደለም። አፈርኩ። ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ ለአፍታ ያህል እሺ ልላት አፌን መክፈቴ ነው።

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ወደ ድርጅቱ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ስሜን፣ መታወቂያዬንና የተመዘገብኩበትን ቁጥር አረጋገጠች። ልጄ እንደተጫወተችበት ስነግራት አካውንቱን ወዲያው አገደችው። ያሸነፈችው እንደሚሰረዝ፣ ያስገባችው ተጣርቶ ምላሽ እንደሚሰጠኝ አስረዳችኝ። ባለቤቴ ባዶ ሳፋዋን እንደያዘች ገብታ በሩ ላይ ቆመች። የልጇን ነገር ያን ጊዜ ሰማች፤ ሳፋውን መሬት አስቀምጣ ልጅቷ ጎን ተቀመጠች።

«እርስዎ የይለፍ ቃልዎን ቀይረው፣ ለማንም እንደማይሰጡ ካረጋገጡልን ከማጣራቱ በኋላ መቀጠል ይችላሉ» አለች ሴትየዋ። «ይከፈትልዎት?»

ልጄ ስልኩን አይደለም የምታየው፤ እኔን ነው።

«አይከፈት። በእኔም በኩል ለዘለቄታው ዝጊው» አልኳት።

«ለዘለቄታው ከተዘጋ ዳግም በስምዎ አይከፈትም። እሺ ካሉ እመዘግባለሁ። የሚዘጋበት ምክንያት ልጅዎ ስለተጠቀመችበት ነው ልበል?»

ማለት ይቻል ነበር፤ ውሸትም አልነበረም። ባለቤቴ የልጅቷን እጅ ይዛ ታዳምጣለች።

«አይ» አልኳት። «ደሴ ያለ ነጋዴ አልከዳኝም፤ የመኪናውን ብር የበላሁት እኔ ነኝ ብለሽ ጻፊ።»