ሰባት ደቂቃ ለቆላ ልጆች

ሐሙስ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። የመምህራኑ ጉባኤ ሊቀ መንበር፣ እኔ ነገሌ ከተማ በማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ አስቆሙኝ። ዝናብ ሳይመጣ አውሮፕላናቸው መነሳት ስላለበት ለጉባኤው የመጡት እንግዶች ቀደም ብለው እንደሚሄዱ ነገሩኝና፣ «ልጄ፣ ለንግግርሽ የተመደበው አሥራ አምስት ደቂቃ ሰባት ሆኗል። ስምንት ሰዓት ላይ ትናገሪያለሽ» አሉ። «እሺ፣ ጌታዬ» አልኩ።

በበጋ ብዙ ቀን የቀረ ተማሪ ከትምህርት ቤት ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ለጉባኤው ቀርቦ ነበር፤ የሚወሰነውም በዚያው ዕለት ነው። እኔ ደግሞ ልጆቹ የሄዱት ትምህርት ጠልተው ሳይሆን ከብት ወደ ኤላ፣ ወደ ጥልቁ የውኃ ጉድጓድ፣ ሊነዱ ስለሆነ ቦታቸው ይጠበቅላቸው ልል ነው የተዘጋጀሁት።

ባዶ ክፍል ውስጥ ሆኜ መጀመሪያ ጽሑፉን በጥድፊያ አነበብኩት። የሚያዳምጠኝ የነገሌ ተወላጅ የሆነው የሒሳብ መምህር ነበር፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። ሰዓቱን እያየ፣ «አንቺ ጨረስሽ፣ እኔ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ነኝ» አለኝ።

ቀጥሎ ከየገጹ ጥቂት ጥቂት ዐረፍተ ነገር ሰረዝኩ። ነገሌ ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል ያልኩትንም አወጣሁ። አሁን ሰባት ደቂቃ ሞላ።

«እንግዲያው ሰነፎች ናቸዋ» አለ ጋሼ። «ይሰረዙ።»

«እንዴት? ዝናብ ሲጥል ይመለሳሉ እኮ!»

«እሱን መቼ ነገርሽኝ?»

እውነቱን ነው። እንግዶቹ ደገኞች ናቸው፤ ይህን ካልሰሙ ክርክሬ አይቆምም። እርሳሴን አነሳሁና የአውራጃውን የትምህርት ታሪክ፣ የውጭ አገር ምሁራኑን፣ ረጅሙን ምስጋና አወጣሁ። ይህ ሁሉ ዓይናፋርነቴን የምሸሽግበት ነበር። ልጆች ከዝናብ ጋር ሲመለሱ ካየሁባቸው አራት ትምህርት ቤቶች የተልተሌውን ብቻ አስቀረሁ፤ ሦስቱን ለጥያቄ ጊዜ አቆየኋቸው። መደምደሚያዬን ወደ መጀመሪያው አመጣሁት፤ ቀጥሎ ልጆቹ ከዝናብ ጋር መመለሳቸው፣ ከዚያ ተልተሌ፣ በመጨረሻ ልመናዬ። ሳልቸኩል ሳነበው ሰዓቱ በቃኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ወረቀቴን ይዤ ቆምኩ። «እነዚህ ልጆች አልተዉንም፤ በየዓመቱ ይመለሳሉ» ብዬ ጀመርኩ። ሊቀ መንበሩ ሰዓት አለቀ የሚሉበትን ደወል ሳይነኩት ተቀመጥኩ።

ከእንግዶቹ አንድ ተቆጣጣሪ ተነሥተው በአንድ ትምህርት ቤት ብቻ እንዴት እንፈርዳለን አሉ። የሦስቱን ያለ ወረቀት ነገርኳቸው። ድምፄ እስከ አዳራሹ ኋላ እንደሚሰማ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ጉባኤው ዝናቡ እስኪገባ ማንም እንዳይሰረዝ ተስማማ። ጋሼ ስወጣ ጠብቆኝ በኦሮምኛ አሞገሰኝ፤ አንገቴን ብደፋም ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

በማግስቱ ጠዋት ደወል ሳይደወል ትምህርት ቤት ደረስኩ። የቀሩት ልጆች ይቀመጡባቸው የነበሩትንና ወደ ዕቃ ቤት የተወሰዱትን አግዳሚ ወንበሮች አንድ በአንድ እየጎተትኩ ወደ ክፍሌ መለስኩ፤ አቧራቸውንም በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩ።