አክስቴ ሊሸጧት ያሰሯት ዶሮ

በጸሎተ ሐሙስ ጠዋት፣ ብቸና ከጓደኛዬ ጋር የማረባቸውን ዶሮዎች ቤት እየጠረግሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሞጣ የሚኖሩት አክስቴ ፎቶ ልከዋል። ስምንት ቀያይ ዶሮዎች ናቸው፤ የአራቱ እግር በሲባጎ ታስሯል። ከፎቶው ሥር በድምፅ እንዲህ አሉ፦

«የታሰሩትን ጎረቤቴ ለፋሲካ ልትወስዳቸው ነው፤ ከሰዓት ትመጣለች። ደኅና መርጫለሁ? እስቲ እይልኝ፣ አንተ ዓይናማ።»

አክስቴ የሚተዳደሩት በእንቁላል ነው። በጾሙ እንቁላል ፈላጊ ጠፍቶ መኖው ስለከበዳቸው፣ ግማሾቹን ሊቀንሱ ቆርጠዋል። ስምንቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ስለሚጥሉ ግን የትኛዋ ጣይ፣ የትኛዋ በላተኛ እንደሆነች አያውቁም። ጾሙ ሲፈታ ሻይ ቤቶቹ እንቁላል ይላሉ። ያን ጊዜ ጣዮቹ ሄደው በላተኞቹ ቢቀሩ፣ አክስቴ ባዶ ሳጥን ታቅፈው ክረምት ሊገቡ ነው።

ግጥም መጻፍም ዶሮ ማርባትም ያስተማረኝ ሰው የለም። ሁለቱንም የተማርሁት ትክ ብሎ በማየት ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው፣ ዶሮ ፊት ግን ግማሽ ቀን እቀመጣለሁ።

የታሰሩት ላባቸው የተቦጫጨቀ፣ ጭራቸው የተሰባበረ ነው። ያልታሰሩት ቅቤ እንደተቀባ ያንጸባርቃሉ። ከታሰሩት የአንዷ ራስ ላይ ያለው ሥጋ፣ አክስቴ «ዘውድ» የሚሉት፣ ወደ ሐምራዊነት ጠቁሯል። ፈጠን ብዬ ደወልሁ።

«እትዬ፣ ያቺ ዳር ያለችው ታማለች። ለሰው እንዳይሸጧት።»

«ምን ሆና? አሁን እህል ስትሻማ ነበር!»

ፎቶውን እንደገና አየሁት። ጠርዝ ላይ የገባው የአክስቴ ነጠላም ሰማያዊ ሆኗል።

«ሸራ ሥር ነው እንዴ ያነሷቸው?»

«ፀሐዩ ከረረብኝ። ሰማያዊው ሸራ ሥር ነኝ።»

አፈርሁ። ያየሁት የሸራውን ቀለም እንጂ የዶሮዋን ደም አልነበረም።

«ወደ ግድግዳው ጥላ ያውጧቸው፤ ሲባጎውንም ይፍቱላቸው፣ አቋማቸውን ልይ። ነጠላዎን ከጎናቸው ያድርጉት። ነጠላው ነጭ ሆኖ ካልታየኝ ስለ ዘውዳቸው አልናገርም።»

«ለዶሮ ነጠላ ላነጥፍ? ምነው፣ ቄስ መጡ አልሁህ?»

እየሳቁም ቢሆን አነሡ፤ ሦስት ጊዜ አነሡ። ነጠላው ነጭ ሆነ። ጥቁር ያልሁት ዘውድ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ሞልቶ ታየኝ። ዶሮዋ እግሯን ከፈት አድርጋ ቆማለች፤ አንገቷ ቀጥ ያለ፣ ዓይኗ ክብ ነው። ሁለት የተቦጫጨቁ ጓደኞቿም እንደ እሷው ናቸው። አራተኛዋ ግን በሦስቱም ፎቶ አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀብራ፣ ላባዋን ነፍታ፣ ጭራዋን ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። ዘውዷም ገርጥቷል። አንዱ ፎቶ ላይ ብቻ ቢሆን ዓይኗን ስታርገበግብ ተነሥታ ነው እል ነበር።

የሚያንጸባርቁት አራቱ ቁመናቸው ጥሩ ነው፤ በሽታ አይታይባቸውም። ዘውዳቸው ግን ተኮማትሯል፣ ነጣ ብሎ ደርቋል።

«እትዬ፣ ሦስቱን የተቦጫጨቁ ያስቀሩ። ዓይኗን የጨፈነችውን ለብቻ ያድርጓት፤ እሷ አትሸጥም። ለጎረቤትዎ የሚያንጸባርቁትን ይስጧት።»

«ቆንጆዎቹን? አብደሃል! እነዚህን የተመለጡትን ይዤ ምን ላደርጋቸው?»

«ሁሉንም የገዙት አንድ ቀን ነው፤ ዕድሜያቸው እኩል ነው። ቆንጆዎቹ መጣል አቁመው ቀድመው ላባ የቀየሩ ናቸው፤ የበሉት ለልብስ ሆነ። እነዚያ ግን ሲጥሉ ከርመው ላባ ለመቀየር ጊዜ አላገኙም።»

«ይህን ከፎቶ አየሁ ትለኛለህ?»

«ፎቶ ካላሳመነዎት እጅዎ ያሳምንዎታል። ከጭራዋ ሥር፣ እንቁላል መውጫዋ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች አሉ። በመሃላቸው ስንት ጣት ያስገባል? የምትጥል ከሆነች ይሰፋል።»

ዶሮዎቹን መያዝ ጀመሩ። ክንፍ ሲርገበገብና «እረፊ አንቺ!» ሲሉ በስልኩ ይሰማኛል።

«ይቺ የተመለጠችው ሦስት ጣት ታስገባለች» አሉ። ቆይተውም፣ «ቆንጆዋ አንድ ጣት… እሱም በግድ። ኧረ ጉድ!»

ስምንቱንም ለኩ። ሦስቱ ሰፊ፣ የቀሩት ጠባብ ሆነው ተገኙ።

ጎረቤታቸው መጥታ አራቱን ቆንጆዎች ስታይ ደስታዋን አልደበቀችም። «እኔ ደግሞ እነዚያን የተላጡ ልትሰጪኝ መስሎኝ ስፈራ ነበር» ብላ ለፋሲካዋ አንጠልጥላቸው ሄደች።

በፋሲካ ማግሥት አክስቴ ደወሉ። ዓይኗን ስትጨፍን የነበረችው አልዳነችም። ሳጥኑ ውስጥ ግን በዚያ ጠዋት ሦስት እንቁላል ነበር። «አንደኛው ገና ይሞቃል» አሉኝ፤ «ጆሮዬ ላይ አድርጌው ነው የማናግርህ።»