ሞተ የተባለው ኮምፒውተር

የማሳዬን ማስረጃ ይዤ በማግስቱ ፍርድ ቤት ካልቀረብኩ ድንበሬን ጎረቤቴ ሊወስደው ነው። የመሬት ቢሮው ጸሐፊ ግን ኮምፒውተሩን በቡጢ እየደበደበ፣ «ሞቷል አባቴ፤ በሳምንቱ ይመለሱ» አለኝ።

«ቀብረኸዋል?» አልኩትና ከወንበሬ አልነሣም አልኩ። ሲመረው ከማዶ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችውን ባለሙያ ጠራት።

ሴትዮዋ መጀመሪያ የስልኳን ቻርጀር ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካች፤ ይሠራል። የኮምፒውተሩን የኋላ ማብሪያ አየች፤ በርቷል። ጎኑን ስትከፍተው ውስጡ አንዲት አረንጓዴ መብራት ቦግ ብላለች።

«ኤሌክትሪኩማ እዚህ ድረስ ይመጣል። ይሄን ማን ነካካው?»

ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ትናንት አቧራውን አራግፌለት ነበር።»

ከፊት ካለው ማስነሻ ቁልፍ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል! ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ፣ በገዛ እጁ ነቅሎ ሲያበቃ ሞተ ይለኛል። እኔ ፊርማዬን እንኳ በመከራ ነው የምጽፍ።

ሴትዮዋ የኮምፒውተሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለች፤ ሽቦዋን ቦታዋ መልሳ ገመዱን እንደገና ሰካችው። ቁልፉን ስትጫን ማራገቢያው ተንጓጓ።

«አዩ አባቴ፣ ቀላል ነገር ነው» አለኝ ያ ጸሐፊ፣ እሱ እንደሠራው ሁሉ።

ወረቀቴ ታትሞ ማኅተም እንዳረፈበት ከእጁ መነጨቅሁት። እግዜር ይስጥልኝ ያልኩት ለሴትዮዋ ብቻ ነው።