ያለ እኔ የተደረገ ዱዓ

ባለፈው የፈተና ሰሞን ከሚሴ ዋናው መንገድ ዳር ቆሜ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚወስዱ አውቶቡሶች ተደርድረው አየሁ። ወላጆች በመስኮት ውሃና ዳቦ ያቀብላሉ። አንዲት እናት ከባጃጆች ጥሩንባ በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ዶክተር ሆነሽ ነይልኝ!» አለች። ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ፊቷ ግን አመድ መስሎ ነበር። እኔ ያን ፊት አውቀዋለሁ። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የራሴ ነበር።

ያን ጊዜ ማትሪክ የምንለው የአሥረኛ ክፍሉን ፈተና ነው። ያለፈ መሰናዶ ይገባል፤ ያላለፈ እንደ ዕድሉ። እኔ ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ፤ መከራዬም ከዚያ መጣ። ሰፈሩ ገና ሳልፈተን «ዶክተሩ» ይለኝ ጀመር። ወተት የምታመጣልን ጎረቤታችን እግሯ ባበጠ ቁጥር ለእኔ ታሳየኝ ነበር፤ እኔም ምን ልበል፣ በቁም ነገር አይቼ «አይዞሽ» እላታለሁ።

የሞዴል ፈተናው ዕለት ጉዱ ወጣ። ወረቀቱ ሲታደል ልቤ መደለቅ ጀመረ። መዳፌ በላብ ራሰ፣ ሆዴ ተገላበጠ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ደጋግሜ ባነበውም አንድ ቃል አልገባ አለኝ። ዙሪያዬ ያሉት ልጆች የመልስ መስጫውን ክብ ሲያጠቁሩ የእርሳሳቸው ድምፅ ይሰማኛል። ስሜን ብቻ ጽፌ ወጣሁ።

እናቴ የሰው ዓይን ነው አለች። አባቴ ሰው ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት ወዳጃ ይደረግለታል አለ። እኔ ግን በሆዴ ማትሪኩን ላለመቀመጥ ቆርጬ ነበር። ያኔ በባቲ በኩል አድርገው ጅቡቲ የሚሻገሩ ልጆች ነበሩና ከእነሱ ጋር ነገር ጨረስኩ። በረሃው ከፈተናው ይልቅ ቀሎ የታየኝን ሳስበው ዛሬም ይገርመኛል።

የክፍላችን ኃላፊ መምህር ባዶውን ወረቀት አይቶ ወደ ጋይዳንስ ላከኝ። የምክር አገልግሎት ቢሮውን እንዲያ ነበር የምንለው። ቀድሞ የኳስ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ክፍል ናት፤ የቆዳ ሽታው አልለቀቃትም። እዚያ የሚገባ ወይ ያጠፋ ነው ወይ ያበደ ነው ይባል ስለነበር፣ ሰው እንዳያየኝ ግራ ቀኝ ገልመጥ ብዬ ገባሁ።

አማካሪዋ ቲቸር ዘሃራ ትባላለች። ሥነ ልቦና የተማረች የደሴ ልጅ ናት። እንደተለመደው «በርታ፣ አጥና» ብላ የምትሸኘኝ መስሎኝ ነበር።

«እዚህ የምትለኝ እዚሁ ይቀራል» አለችኝ። «በራስህ ወይ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት የሚያመጣ ነገር ከሰማሁ ብቻ ነው ለሌላ የምናገረው፤ ያኔም አስቀድሜ ለአንተ እነግርሃለሁ። እሺ፣ ስትፈራ ቀድሞ የሚጀምርህ ልብህ ነው ሆድህ?»

እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ ስለማላውቅ ሳቄ መጣ። ከዚያ እንቅልፌን ጠየቀች፤ ምግቤን ጠየቀች፤ በመጨረሻ «ጫትስ?» አለች። እንደምቅም ነገርኳት። ከሚሴ ውስጥ ለጥናት መቃም እንደ ደብተር መግዛት ነበር የሚታየው።

«ጫቱ ልብህን ያስሮጠዋል፤ እንቅልፍህን ይወስደዋል» አለች። «ጠዋት ፈተና ስትገባ ልብህ ቀድሞህ እየሮጠ ነው። በዚያ ላይ ፍርሃቱ ሲጨመርበትስ?»

«ታዲያ አላበድኩም?»

«አላበድክም። ትንሽ ፍርሃት እንዲያውም ለፈታኝ ነገር ያነቃል። ያንተ ከልኩ አልፎ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት በኋላ እየተመላለስኩ ሠራን። ሥራ ነው የምለው፣ ምክሩ ትንሽ ልምምዱ ብዙ ስለነበር ነው። ትንፋሼን ቀስ ብዬ ስቤ፣ ከሳብኩት ረዘም አድርጌ ማስወጣት አስተማረችኝ። በቤቴ ደህና ሆኜ ሳለሁ ካልተለማመድኩት በጭንቅ ሰዓት እንደማይመጣልኝ ነገረችኝ። ባዶ የፈተና አዳራሽ ውስጥ ብቻዬን አስቀምጣ የቆየ ፈተና ያለ ሰዓት አሠራችኝ። ልቤ ሲረጋጋ ሰዓት ጨመረች። ቆይታ ሌሎች ተማሪዎች ጨመረች፤ በመጨረሻ የማላውቀው መምህር እየተንጎራደደ እንዲጠብቀን አደረገች። ፍርሃቱ ሲመጣ ከአዳራሹ ሳልወጣ ከቆየሁ ወጥቶ ወጥቶ መልሶ እንደሚወርድ በገዛ ሆዴ አየሁት። ጥያቄዎቹንም ከማውቀው መጀመር ለመድኩ።

የጅቡቲውን ነገር ስነግራት አልተቆጣችም። መንገዱ ምን እንደሚያመጣ ግን አልደበቀችኝም፤ ሳላማክራት እንዳልነሳ ቃል አስገባችኝ። ቀጥላ «ብትወድቅስ ምን ይሆናል?» አለች። የሙያ ትምህርት እንዳለ፣ በግል ተመልሶ መፈተንም እንደሚቻል አብረን ተነጋገርን። የፈራሁትን ነገር እስከ ዳር ሄጄ ሳየው የሚያስከፋ እንጂ የሚገድል አልነበረም።

የከበደው የአባቴ ወዳጃ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጫቱ ቀርቦ፣ ሼሁ ዱዓ ሲያደርጉ ሰዉ «አሚን!» ይላል። ዱዓው የሚደረግለት ልጅ መሐል ይቀመጣል፤ ሼሁ በእጃቸው የሚሰጡትን ጫት እንቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ቀኑም ለፈተናው ዋዜማ ተቆርጧል። ቲቸር ዘሃራ አባቴን ልታነጋግረው ፈቃዴን ጠየቀች፤ ስለ ፍርሃቱና ስለ ጫቱ ትንገረው፣ ጅቡቲን ግን አታንሳ አልኳት።

አባቴ በጨፋ ማሽላ የሚያርስ፣ በምርቃቱ የታወቀ ሰው ነበር። ተጠርቶ ወደ ጋይዳንስ ሲመጣ ሽርጡን አስተካክሎ ከጎኔ ተቀመጠ።

«አባ እንድሪስ፣ ዱዓው ይቅር አልልም» አለችው። «ግን ሰው ሁሉ ዶክተር ይሁን እያለ አሚን ሲል፣ ለልጁ የሚሰማው፣ ብወድቅ ይህን ሁሉ ሰው አሳፍራለሁ የሚል ነው።»

«ዱዓ ይከብዳል እንዴ?» አለ አባቴ። ከልቡ ነበር የጠየቀው።

እሷ ልትመልስ ስትል አፌ ቀደመኝ። «አባ፣ ጅቡቲ ልሄድ ነበር።»

አባቴ ቆቡን አወለቀና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። እኔ ቁጣ እየጠበቅኩ አንገቴን ደፋሁ።

«ኢልመ ኮ» አለኝ በኋላ፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ «በቦታው ለሌለ ሰው የሚደረግ ዱዓ መቅቡል ነው፣ ይሰማል ይላሉ ሼሆቹ። አንተ ጨፋ አክስትህ ዘንድ ሄደህ ተኛ። እኛ እዚህ እናደርጋለን።»

ወዳጃው ያለ እኔ ተደረገ። እኔ አክስቴ ቤት የማሽላ እንጀራ በእርጎ በልቼ በጊዜ ተኛሁ። ጠዋት አባቴ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝና እጁን ራሴ ላይ አድርጎ «ነጋን ሴኒ፣ ነጋን ባኢ» አለ። በሰላም ግባ፣ በሰላም ውጣ። ዶክተር የሚለውን አልጨመረም። ከምርቃቶቹ ሁሉ አጭሩ እሱ ነው፤ በጣም ወደድኩት።

ወረቀቱ ሲታደል ልቤ እንደ ልማዱ ደለቀ። እርሳሴን አስቀምጬ ትንፋሼን ረዘም አድርጌ አስወጣሁ፤ ጠበቅኩት፤ ወረደ። የማውቀውን ፈልጌ ጀመርኩ። አለፍኩ፤ ሐኪም ግን አልሆንኩም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆንኩና ሰፈሩ «ግማሽ ዶክተር» ብሎ ታረቀኝ።

ከፈተናው በኋላ ቲቸር ዘሃራን ላመሰግን ስሄድ በሯ ተዘግቶ አገኘሁ። ጥላ ስር ሆኜ ስጠብቅ አባቴ ከውስጥ ወጣ። ሳያየኝ ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ ጠርጎ ወደ ገበያው ወረደ።

«ቲቸር፣ አባቴ ምን ብሎ መጣ?» አልኳት።

«ያን ጊዜ ለእሳቸው የነገርኳቸው፣ ንገሪ ያልከኝን ብቻ ነው» አለችኝ። «እሳቸው ደግሞ ንገሪው አላሉኝም።»

አባቴ አሁን በሕይወት የለም፤ አላህ ይዘንለት። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ምን እንደተናገረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰውን ሲመርቅ እንጂ ሲፈራ አይቼው ስለማላውቅ፣ የሚፈራው ነገር ይኖራል ብዬ ጠይቄውም አላውቅም። ይህ ይቆጨኛል።

አውቶቡሶቹ ወደ ደሴ መንገድ ሲወጡ ሚኒባሴ መጣና ረዳቱ ጠራኝ። አልገባሁም። ያቺ «ዶክተር ሆነሽ ነይልኝ» ያለችው እናት መንገዱ ዳር ብቻዋን ቀርታ በእጇ የቀረውን ዳቦ ሳታውቀው ትፈረፍር ነበር። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩና ስትፈራ ቀድሞ የሚጀምራት ልቧ ይሁን ሆዷ ጠየቅኳት።